የኩቤክ ድልድይ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሲቪል ተማሪዎች ለሥነ ምግባር ክፍል ካናዳ ውስጥ የወደቀውን የኩቤክን ድልድይ እያነበባችሁ እንደሆነ ሰማሁ። ድልድይ ስቆጣጠር የሸበትኩ ሰው ነኝ፤ ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። ጽሑፉን ሳታነቡ ግን አትምጡ። «እርስዎ» ማለትም ይቅር፣ ድሬ ነው ያለነው።

የሳቢያን ልጅ፦ ጋሼ፣ ለምን ወደቀ? ባጭሩ።

ብረቱ በስሌት ከተያዘለት ክብደት በለጠ። ጭነቱን የሚሸከመው የታችኛው ኮርድ ተጣመመ፣ ከዚያ ሄደ። ኦገስት 29 ቀን 1907 እ.ኤ.አ. ነው። ገና እየተሠራ ነበር፤ ላዩ ላይ ከነበሩት 86 ሠራተኞች 75ቱ ሞቱ።

ገንደ ቆሬ፦ አማካሪው መሐንዲስ ኩፐር ለዝና ብሎ በምሶሶዎቹ መሐል ያለውን ስፓን ከ1600 ጫማ ወደ 1800 አስረዘመው። ጥፋቱ እሱ አይደል?

ግማሹን ይዘሃል። ማስረዘሙ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ምሶሶዎቹን ጥልቀት ወደሌለው ውሃ ለማውጣት ነው፤ የበረዶውንም ግፊት ይቀንሳል፣ ግንባታውንም ያፋጥናል። ጥሩ የምህንድስና ምክንያት ነው። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስፓኑ ሲረዝም ድልድዩ ይከብዳል፣ አይደል? የራሱ ክብደት ግን እንደገና አልተሰላም። በድሮው ግምት ቀጠሉ።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ። የመስክ እጅ ስሌት እንሥራ። ስፓኑ በ12.5 በመቶ ረዘመ። ወጥ ጭነት በተሸከመ፣ በሁለት ጫፉ ብቻ በተደገፈ ቢም ላይ የሚያጎብጠው ሞመንት በርዝመቱ ካሬ ነው የሚያድገው፤ 1.125 በ1.125 ስታባዛ 1.27 ገደማ ይመጣል። የእያንዳንዱ ሜትር ክብደት ምንም ሳይጨምር 27 በመቶ ማለት ነው። ኩቤክ ካንቲሌቨር ስለሆነ ቁጥሩ እንዳለ አይገባም፤ አቅጣጫውን ግን ያሳይሃል። እንዲህ ሲሆን ክብደቱን ሳይነኩ ማለፍ ምን ይባላል?

በ1906 ትክክለኛው ክብደት ታወቀ። ብዙው ብረት ተሠርቶ አልቋል፣ ከፊሉም ተገጥሟል። ኩፐር በብረቱ ላይ ያለው ስትረስ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይጨምራል ብሎ ገመተና «ይችለዋል» አለ። አሁን ልብ በሉ፦ ለዚህ ድልድይ የፈቀደው ስትረስ ከመጀመሪያው ከተለመደው በላይ ነበር። ለመጠባበቂያ የተተወችውን ሁለቴ በላት። ለእኔ የሥነ ምግባሩ ጥያቄ እዚህ ነው፤ የወደቀበት ቀን ላይ አይደለም።

አዲስ ገባ፦ ኢንጂነር፣ ታዲያ ጥፋተኛው በትክክል ማን ነው?

«በትክክል» ስትል ምን ማለትህ ነው? በሕግ? በሙያ? በሕሊና? ለይተህ ና። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽኑ ኩፐርንና ብረቱን የሚሠራውን የፊኒክስ ኩባንያ ዲዛይነር ስላፕካን ነው የወቀሰው።

ቀፊራ፦ ማክሉር ሳይቱ ላይ ነበር፣ የኮርዱን መጣመም አይቷል። ለምን ዝም ብሎ አላስቆመም?

አቦ፣ ይቺ ናት ጥያቄ!

ማክሉር የኩፐር ሰው ነው፣ ወጣት ተቆጣጣሪ። ኩፐር ኒውዮርክ ተቀምጦ አማካሪ ሆኗል፣ ሕመምተኛ ነው፤ ብረቱ ሲገጠም አንድ ቀን መጥቶ አላየም። ማክሉር ይለካል፣ ይጽፋል። ሥራ የማስቆም ሥልጣን ግን የለውም።

ኮርዱ ቀጥ ያለ መሆን አለበት። ከጫፍ ጫፍ ሲባጎ ስትወጥር ብረቱ ከሲባጎው ምን ያህል እንደሸሸ ታያለህ። አንዱ ኮርድ መጀመሪያ 19 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። ኦገስት 27 ቀን 57 ሆነ። በአንድ ሳምንት! የፊኒክስ ሰዎች «ከፋብሪካው ሲወጣም ጎብጦ ነበር» ይላሉ። እሺ፣ ጎብጦ ነበር እንበል። ፋብሪካ የጎበጠ ብረት ግን ሳይት ላይ ቆሞ ከ19 ወደ 57 አይሄድም። ክርክሩን የሚዘጋው ያ ሁለተኛው ልኬት ነበር። ለዚህ ነው ሁሌ የምጮኸው፦ ለኩ፣ ቀን ጻፉ፣ እንደገና ለኩ።

የፎርማኖቹ አለቃ በ27 ሥራ አቆመ፣ መልሶ ቀጠለ። የባለቤቱ ዋና መሐንዲስ ሆርም ማቆሙ የሠራተኛውን መንፈስ ይጎዳል ብሎ ቀጥሉ አለ። ማክሉር ደግሞ ኩፐርን ለማማከር ባቡር ተሳፈረ። 29 ጠዋት ኒውዮርክ ደረሰ። ኩፐር ያየውን አይቶ ወዲያው «ጭነት አትጨምሩ» የሚል ቴሌግራም ላከ። ወደ ኩቤክ ግን አይደለም፤ ፔንሲልቬንያ ወዳለው ፊኒክስ ቢሮ። ወደ ኩቤክ እልካለሁ ያለው ማክሉር ሳይልክ ቀረ። ፊኒክስ ቴሌግራሙን አንብቦ ለነገ አሳደረው። ያን ቀን አመሻሽ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ድልድዩ ወንዙ ውስጥ ነበር።

ማክሉር ምን ያድርግ ነበር? እኔ ብሆን አልሳፈርም። ከሳይት ቴሌግራም እልካለሁ፣ ፎርማኑን በጽሑፍ አስፈርመዋለሁ። በቢሮ ወንበር ላይ ግን ሁሉም ጀግና ነው፤ እኔም ጭምር።

ቀፊራ፦ አልስማማም። ሥልጣን የሌለውን ሰው መውቀስ ነው። ሥልጣን ያለው ሆር ነበር።

ገንደ ቆሬ፦ ሥልጣን ባይኖረውም አፍ አለው። ወንዶቹን «ውረዱ» ማለት ማን ይከለክለዋል?

ቀፊራ፦ ደሞዙ!

ተከራከሩ። ሁለታችሁም የምትሉት አለ፤ እኔም አንዱን መርጬ አላውቅም።

ድሬ ሀበሻ፦ የእኛው ደቻቱ ወንዝስ? በ1998 ዓ.ም. ጎርፍ ያ ሁሉ ሰው ያለቀው የማን ጥፋት ነው?

ያ የውሃ ጉዳይ ነው። ሃይድሮሎጂ የሚያውቅ ጠይቅ።

የሳቢያን ልጅ፦ አቦ ደቻቱን ተዉት፣ አያቴ ዛሬም ደመና ስታይ ታለቅሳለች።

ድሬ ሀበሻ፦ እኔ ምን አልኩ? ሥነ ምግባር አይደለም እንዴ?

ሌላ ቀን። ወደ ኩቤክ።

አዲስ ገባ፦ የካናዳ መሐንዲሶች የሚያደርጉት የብረት ቀለበት ከወደቀው ድልድይ ነው አሉ፣ እውነት ነው?

ተረት ነው። ቀለበቱ የሚሰጥበት ሥነ ሥርዓት በ1925 እ.ኤ.አ. ነው የተጀመረው። ቀጥሉ።

ሐረር ኢንተርን፦ እኔ ሳይት ላይ ነኝ፤ ሐረር ውስጥ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ። ቢም ላይ ስንጥቅ አየሁ፤ ፎርማኑ «ፀጉር ናት» አለኝ። ድልድይ አይደለም፣ ግን ማክሉርን ሳነብ ራሴን አየሁ።

ጥያቄህ ጠፍቶብኛል፣ ግን ልመልስ። ስንት ሚሊሜትር ነው? የት ነው፣ መሐል ስፓን ወይስ ኮለን አጠገብ? ሰያፍ ነው ወይስ ቀጥ ያለ? ሰያፍ ሆኖ ኮለን አጠገብ ከሆነ ነገ አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ለሬዚደንት ኢንጂነሩ በጽሑፍ አሳውቅ። ሌላ ከሆነ ስንጥቁን አቋርጠህ ቀጭን ጀሶ ለጥፍበት፣ ቀኑን ጻፍበት። ቢሙ ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ይሰነጠቃል። ዳያሪውም ላይ አስፍረው።

አዲስ ገባ፦ ይቅርታ፣ ጥፋተኛው ማን ነው ያልከው?

ወደ ላይ ውጣ። አንብብ።

ሐረር ኢንተርን፦ ጋሼ፣ ከሦስት ቀን በኋላ መጣሁ። መሐል ስፓን ላይ ነው፣ ቀጥ ያለ። ጀሶውን ለጥፌ ነበር። አልተሰነጠቀም። ግን ዛሬ ጠዋት ስመጣ ፎርማኑ ፍቆ ጥሎታል፤ «ባለቤቱ ሲመጣ ያስፈራል» ይላል።

መልሰህ ለጥፍ። አሁን ግን ከጎኑ ሜትር ይዘህ ፎቶ አንሳው። ፎቶውን ለሬዚደንቱ ላክ፤ መፋቁንም ጻፍለት።