ሌሊት በረራ፣ ጠዋት ስብሰባ

ጥያቄ፦ «ከለገጣፎ ተነስቼ ሌሊቱን ወደ ፍራንክፈርት እበራለሁ። ከኤርፖርት በቀጥታ ስብሰባ አለኝ። ሙሉ ሱፍ ለብሼ ልብረር?»

መልስ፦ ሱሪውን ልበሰው፤ ሸሚዙንና ኮቱን ግን ያዛቸው። የሱፍ ጨርቅ ተቀምጠህበት ብታድርም ስትቆም ቶሎ ይፍታታል። ጥጥ እንደተጨማደደ ይቀራል። ከላይ ካናቴራና ሹራብ ይበቃሃል።

ኮቱን ገበሩ ወደ ውጭ እንዲሆን ገልብጠህ፣ አንዱን ትከሻ በሌላው ውስጥ ከተህ እጠፈው። ሰው ሁሉ ሻንጣውን ከሰቀለ በኋላ ከላይ አስቀምጠው። ሸሚዙን ቁርስ እንደበላህ ቀይር፤ ቀድመህ ከለበስከው ቡና ሊፈስበት ይችላል። ብዙም አትዘግይ፣ አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲዘጋጅ ከመቀመጫ መነሳት አይቻልም።

ጫማህ የሚፈታ ማሰሪያ ይኑረው፤ ሌሊቱን እግር ያብጣል። ለሰፈራችን አቧራም እርጥብ ጨርቅ ያዝ።

አደራ፣ ሸሚዙን የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳትከተው። እኔ አንዴ ከትቼው ሻንጣዬ የደረሰው በማግስቱ ነው። ስብሰባውን በካናቴራ ገባሁ።