ለቤት ጠባቂ የሚተው ማስታወሻ፦ ስለ ፍሪጅ፣ ኦቨንና ውሃ ማፍያ

ጥያቄ፦ «እኔና ባለቤቴ ለሦስት ሳምንት ወደ ውጭ አገር እንሄዳለን፤ ቤቱን የእህቴ ልጅ ትጠብቅልናለች። ሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ስለ ፍሪጁ፣ ስለ ኦቨኑና ስለ ኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያው ምን ጽፌ ልተውላት?»

መልስ፦ ማስታወሻው ከአንድ ገጽ ሳይበልጥ በፍሪጁ በር ላይ ቢለጠፍ ጥሩ ነው። ከገጹ ግማሽ የሚሆነውንም መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ለሚደረገው ነገር ይስጡት፤ ለጥገና ከሚመጡልኝ ፍሪጆች ብዙዎቹ የተጎዱት መብራት ጠፍቶ በቆየባቸው ሰዓታት ሳይሆን በተመለሰባቸው ደቂቃዎች ነውና።

የፍሪጁ ሞተር፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ፣ ጋዙን እየገፋ ሳለ ድንገት ሲቆም በአንድ ወገን ያለው ግፊት ከሌላው እንደበለጠ ይቀራል፤ ሁለቱ እስኪስተካከሉም ጥቂት ደቂቃዎች ያልፋሉ። በዚህ መሐል መብራት ብልጭ ብሎ ከተመለሰ ሞተሩ ግፊቱን አሸንፎ መዞር ስለሚያቅተው ብዙ ከረንት እየሳበ በጉልህ ያጉረመርማል፤ ከዚያም በጎኑ ያለው የሙቀት መከላከያ «ቃ» ብሎ ያቋርጠዋል። መከላከያው ሲቀዘቅዝ ሞተሩ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገናም «ቃ» ይላል። ይህ ከተደጋገመ የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ይቃጠላል። ስለዚህ በማስታወሻው ላይ እንዲህ ብለው ይጻፉላት፦ «መብራት ሲጠፋ የፍሪጁን ስፒና ንቀይ። ሲመጣ ቶሎ አትሰኪው፤ አሥር ደቂቃ ቆይተሽ፣ አምፖሉ ሳይርገበገብና ሳይደበዝዝ መብራቱ መርጋቱን ካየሽ በኋላ ስኪው። ከሰካሽው በኋላ ማጉረምረምና ‹ቃ› የሚል ድምፅ ከተፈራረቁ ነቅለሽ ደውይልኝ።» ልጅቷ ሥራ ወይም ትምህርት የምትውል ከሆነ ግን ይህን ማስታወሻ ብቻውን አይመኑት፤ ከመብራት መመለስ በኋላ ጥቂት ደቂቃ የሚያዘገይ የቮልቴጅ መከላከያ ገዝተው ይሂዱ። ዋጋው ከአዲስ ኮምፕረሰር ጋር አይወዳደርም።

ምግቡን በተመለከተ፣ በሩ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን አራት ሰዓት ያህል ይይዛል፤ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ሁለት ቀን፣ ግማሹ ባዶ የሆነ አንድ ቀን ገደማ ይቆያል። ልጅቷ ቤት ባልነበረችበት ጊዜ የሆነውን የምታውቅበት ቀላል መንገድ አለ። ከመሄድዎ በፊት አንድ ስኒ ውሃ ፍሪዘር ውስጥ አስገብተው ያቀዝቅዙ፤ በረዶ ሲሆን ሳንቲም ከላዩ ያስቀምጡበት። ሳንቲሙ ወደ ስኒው መሐል ወይም ግርጌ ሰምጦ ከተገኘ በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ስለሆነ ሥጋው፣ ምንም ቢመስል፣ ይጣል። መበላሸቱን ልቅመሰው ማለት አይገባም።

ወደ ኦቨኑና ወደ ውሃ ማፍያው ስንመጣ፣ ዋናው ጉዳይ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ አብረው አለመሥራታቸው ነው። 2,200 ዋት የሆነ ውሃ ማፍያ በ220 ቮልት 10 አምፔር ይስባል፤ 2,640 ዋት የሆነ ኦቨን ደግሞ 12 አምፔር። ድምሩ 22 አምፔር ሲሆን የተለመደው የግድግዳ ሶኬት የሚችለው 16 ብቻ ነው። አንድ ደንበኛ ቤት ተጠርቼ ስሄድ ሁለቱም በአንድ ዲቫይደር ተሰክተው አገኘሁ፤ ብሬከሩ ሊወርድ ይገባው ነበር፣ ነገር ግን ቀደም ሲል አንድ ሰው 16 የነበረውን ቀይሮ 32 ስላደረገው ዝም ብሎ ይዞ ቆይቷል። የዲቫይደሩ ነጭ ፕላስቲክ በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ነበር፤ ወጥ ቤቱም የተበላሸ ዓሣ ይሸት ነበር። ዓሣ በሌለበት ቤት እንዲህ ያለ ሽታ ከመጣ የጋለ ሶኬት ወይም ሽቦ ይፈለግ። ስለዚህ ኦቨኑ ከራሱ መስመር አይነቀል፤ ውሃ ማፍያውም በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ላይ ይሰካ እንጂ ዲቫይደር ላይ አይሰካ።

ኦቨኑ እየሠራ መብራት ከጠፋ ልጅቷ ቁልፉን ወዲያው ወደ ዜሮ ትመልሰው። ብዙዎቹ ባለ መዘውር ኦቨኖች መብራት ሲመለስ ማንም ሳይነካቸው መጋል ይጀምራሉ፤ በዚያ ሰዓት እሷ ሱቅ ሄዳ ሊሆን ይችላል። በተለይ ድስትና መጥበሻ ኦቨን ውስጥ ማስቀመጥ የለመዳችሁ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ባዶ አድርጉት።

ውሃ ማፍያው ሲፈላ ራሱን የሚያጠፋው እንፋሎቱ በቀጭን መንገድ ወርዶ እጀታው አጠገብ ያለችውን ስስ ብረት ስለሚያሞቃት ነው። ክዳኑ ካልተዘጋ እንፋሎቱ ወደ ላይ ያመልጥና ውሃው እስኪያልቅ መፍላቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ክዳኑ «ቀጭ» ብሎ መዘጋቱን ትይ፣ ከዝቅተኛው ምልክት በታችም ውሃ አታፍላ። መቀመጫው ላይ ውሃ ከፈሰሰ ስፒናውን ነቅላ እስኪደርቅ ትተወው።

በመጨረሻ የብሬከር ሳጥኑን ከፍተው እያንዳንዱ ብሬከር የምን እንደሆነ በወረቀት ይለጥፉበት። አንዱ ቢወርድ ልጅቷ በዚያ መስመር የተሰካውን ሁሉ ነቅላ አንድ ጊዜ ብቻ ታንሣው፤ ዳግመኛ ከወረደ ኤሌክትሪሺያን እስኪመጣ እንደወረደ ይቆይ።