የስድስት ወር ኪራዩን ገና አትክፈል

«ጋሼ፣ በፋርማሲ ሌቭል 4 ጨርሼ ሲኦሲ አልፌያለሁ። አንድ አስመጪ ጋ መጋዘን ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁንም እዛው ነኝ። ቤይሩት ያለችው እህቴ ብር ልላክልህና የራስህን መድኃኒት ቤት ክፈት እያለችኝ ነው። ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ሱቅ አግኝቻለሁ፣ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ይፈልጋል። ፋርማሲስት ጓደኛዬ ፈቃዱን ሊያከራየኝ ተስማምቷል። እኔ ሥራዬን ሳልለቅ የአክስቴ ልጅ ቢሸጥልኝ ብዬ አስቤ ነበር። ከምን ልጀምር?»

ከጓደኛህ ልጀምር። የእሱን ወረቀት አትከራይ። አንደኛ ሕገ ወጥ ነው፣ ሁለተኛ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግህም። ፋርማሲ ለመክፈት ኃላፊው ፋርማሲስት መሆን አለበት፣ እውነት ነው። የመድኃኒት መደብርን ግን በሙያው የተመዘገበ ድራጊስት ወይም የፋርማሲ ቴክኒሻን በኃላፊነት መምራት ይችላል፣ ያ ደግሞ አንተ ነህ። የመደብር የመድኃኒት ዝርዝር ከፋርማሲው ያንሳል፣ ስለዚህ ዝርዝሩን ከተቆጣጣሪው ቢሮ ወስደህ ከዚያ ውጪ ያለውን አትግዛ። ለጀማሪ ይበቃል። ወረቀት ተከራይቶ የሚሠራ ሰው ተቆጣጣሪ በገባ ቁጥር «ኃላፊው የት አለ?» ለሚለው ጥያቄ ውሸት ሲፈጥር ይኖራል። አንድ ቀን ደግሞ ጓደኛህ ሌላ ከተማ ሥራ ያገኝና ፈቃዱን ይዞት ይሄዳል፣ አንተ መደርደሪያ ሙሉ መድኃኒት ታቅፈህ ትቀራለህ።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ኃላፊ ሆነህ የምትመዘገበው ሙሉ ጊዜህን እዛ ለመሥራት ነው። አስመጪው ጋ እየሠራህ አይሆንም፣ መልቀቂያ ትጠየቃለህ። መልቀቂያው፣ የሥራ ልምድ ማስረጃው፣ የሲኦሲ ወረቀቱና ያልታደሰ ከሆነ የሙያ ፈቃድህ፣ እነዚህ አራቱ ናቸው ብዙ ሰው የሚያዘገዩት። የአክስትህን ልጅ በተመለከተ ካሽ ይቀበል፣ ያጽዳ፣ ካርቶን ያውርድ። መድኃኒት ግን አያስተናግድም፣ ማለትም ለታካሚ አውጥቶ አይሰጥም። አሁን ሒሳቡን ሥራው፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ማታ 2 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ብትከፍት 72 ሰዓት ይሆናል። ይሄን ብቻህን አትችለውም። ወይ ሁለተኛ ባለሙያ ቅጠር፣ ወይ አንተ የሌለህበትን ሰዓት ዝጋ። የደመወዙን ነገር ለእህትህ ከአሁኑ ንገራት፣ ምክንያቱም «ብር ላኪ» ሲባል ሰው ኪራይና ዕቃ ብቻ ነው የሚያስበው።

አሁን ወደ ሱቁ። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ቤቱ ይታያል፣ ብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል፣ ከዚያ በንግድ ቢሮ በኩል ንግድ ፈቃድ ይወጣል፣ መድኃኒት የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የችርቻሮ መድኃኒት መደብር ብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የክልሉ ወይም የከተማው የጤና ተቆጣጣሪ አካል ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የፌዴራሉን ባለሥልጣን ከክልሎቹ ጋር ሥራ አከፋፍሎታል፣ አንተ አዲስ አበባ ድረስ መመላለስ የለብህም። ስለዚህ ውል ከመፈራረምህ በፊት ቢሮው ሄደህ የመድኃኒት መደብር መስፈርቱን ውሰድ፣ ይዘኸው ሱቁ ውስጥ ግባና አንድ በአንድ እያየህ ቁም።

እኔ ጋ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፣ ስድስት ወር ከፍሎ፣ መደርደሪያ በአሉሚኒየም አሠርቶ፣ ማስታወቂያውን ሳይቀር ሰቅሎ ጠበቀ። ተቆጣጣሪዎቹ መጥተው የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «እጅ የምትታጠቡት የት ነው?» ሆነ። ሱቁ ውሃ አልነበረውም። አከራዩ መስመር ለማስገባት እምቢ አለ። ብሩ አለቀ።

አንተ ደግሞ ከውሃው ሌላ ፀሐይዋን እይ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁ ውስጥ ቆመህ ግድግዳውን በእጅህ ንካው። በርህ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነና ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ነው ብለህ አትዘናጋ፣ ጠዋት የሚያንቀጠቅጥህ ክፍል ከሰዓት ምጣድ ሊሆን ይችላል። ብዙ ካርቶን ላይ «ከ30 ዲግሪ በታች አስቀምጥ» ወይም «ከ25 በታች» ይላል። ስለዚህ ቴርሞሜትር ግድግዳ ላይ ስቀል፣ ጠዋትና ከሰዓት አንብበህ ወረቀት ላይ ጻፍ። ወረቀቱ ሳምንቱን ሙሉ 22፣ 22፣ 22 ካለ ማንም ተቆጣጣሪ አያምንህም፣ በአንድ ቀን ተቀምጦ የተሞላ መሆኑን ያውቀዋል። ኢንሱሊን የምትይዝ ከሆነ ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይሁን። ኢንሱሊን በረዶ ከነካው ይበላሻል፣ ስለዚህ ፍሪዘሩ አጠገብ አታስጠጋው፣ በሩ ላይም አታስቀምጥ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፍሪጁን አትክፈት። ምሳህን እዛ ውስጥ እንዳላይ!

ከማስተናገጃው ክፍል የተለየ ትንሽ መጋዘን፣ የሚታጠብ ግድግዳና ወለል፣ ካርቶን መሬት እንዳይነካ ፓሌት፣ ቁልፍ ያለው ቁምሳጥን፣ እነዚህን ከመስፈርቱ ታያቸዋለህ፣ ብዙ አልልም።

መዝገቡ ላይ ግን ልቆይ። ሰው ሁሉ የሚወድቀው እዚያ ነው። ደንቡን የማያውቅ ብዙም የለም፣ የሚያጠምደው ስንፍና ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥህ። ከአከፋፋይ 40 ጠርሙስ የአሞክሲሲሊን ሽሮፕ ገዛህ እንበል። ደረሰኙ ላይ የባች ቁጥሩና የሚያበቃበት ቀን አለ፣ አንተም የመድኃኒቱ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ቢን ካርድ ላይ 40 ብለህ አስገባህ። ከወር በኋላ ተቆጣጣሪ መጥቶ መደርደሪያውን ቆጠረ፣ 12 አለ። የማስተናገጃ መዝገብህን አገላበጠ፣ በማዘዣ የወጣው 19 ነው። 12 እና 19 ሲደመር 31። ዘጠኙ የት ገባ? አንተ ምሳ ወጥተህ ሳለ የአክስትህ ልጅ «ልጄ አሳላት» ላሉ እናቶች ያለ ማዘዣ ሸጦታል። ማንም ነግሮብህ አይደለም፣ የራስህ ሦስት ወረቀቶች ናቸው የተናገሩት። ለዚህ ነው በየሳምንቱ ቅዳሜ አሥር መድኃኒት መርጠህ ይህን ድምር ራስህ ሥራው የምለው። ልዩነት ካየህ ቶሎ ሳይረሳ ትጠይቃለህ።

የተስተናገደበትን ማዘዣ አትጣል። ተራው ሁለት ዓመት፣ የናርኮቲክና የሳይኮትሮፒክ ልዩ ማዘዣ አምስት ዓመት ይቀመጣል። በወር በወር እሰረው፣ ላዩ ላይ ወሩን ጻፍበት። የግዢ ደረሰኝም እንደዚሁ። ደረሰኝ የሌለው መድኃኒት ቢረክስም፣ ሻጩ ወንድምህ ቢሆንም አትንካው። በሻንጣ የገባ ይሁን የተሠረቀ በምን ታውቃለህ? ጊዜው ያለፈበትን ደግሞ ከሚሸጠው ለይተህ «የማይሸጥ» ብለህ ጻፍበትና ቁልፍበት፣ ዝርዝሩን አዘጋጅተህ በተቆጣጣሪው በኩል ይወገድ፤ የተወገደበትን ማስረጃ ፋይል አድርግ። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ወርውረህ ቢገኝ ሌላ ጣጣ ነው።

ንግድ ፈቃዱ በአንተ ስም ቢሆን ይሻላል። የእህትህን ብር ደግሞ በወረቀት አስፍሩት፣ ብድር ነው ወይስ ሽርክና፣ ቤይሩት ላለ ሰው ይህ ሳይጻፍ ሲቀር ነው ቤተሰብ የሚጣላው። በእሷ ስም ይሁን ካላችሁ ውክልና ያስፈልግሃል።

አሁን ለአከራዩ ደውልና ሁለት ነገር ጠይቀው፦ ሱቁ ውሃ አለው ወይ፣ ከሌለውስ በራሱ ወጪ ያስገባል ወይ? አዎ ካለ ውሉ ላይ «ብቃት ማረጋገጫ ካልተሰጠ ቅድሚያው ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር እንዲጨመር ለምነው። እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ፈልግ፣ ደብረ ብርሃን ሱቅ አላጣችም።