ከብሩ በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ

ጥያቄ፦ «እኔና ታናሽ እህቴ ጎንደር ውስጥ አንድ የ4 ደቂቃ የእጅ ሥዕል አኒሜሽን ልንሠራ አስበናል። ያጠራቀምነው 120,000 ብር አለን። ስንት እንደሚፈጅ በምን እንገምት? የትኛውን ራሳችን ሠርተን የትኛውን ለሌላ ሰው እንስጥ?»

እህቶቼ፣ እኔም እዚሁ ጎንደር ተቀምጬ በዚሁ ርዝመት አንድ ፊልም ሠርቻለሁ። የአንድ አዝማሪና የልጁ ታሪክ ነው፤ የሚሆነውም በጥምቀት ሰሞን ነው። ስጀምር ሂሳቤ ቀላል ነበር፦ አንድ ሰከንድ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ 240 ሰከንድ 480 ሰዓት ይሆናል፣ በቀን አምስት ሰዓት ብሠራ በሦስት ወር እጨርሳለሁ። ስድስት ሳምንት ሌት ተቀን ደክሜ ስቆጥር ያለቀው 15 ሰከንድ ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ያን ቀን እርሳሱን አስቀምጬ ግምቱን ከሥር ጀመርኩ። የምነግራችሁ ሁለተኛውን ግምት ነው፤ እርሱ እስከ መጨረሻው አልከዳኝም።

መነሻው አኒማቲክ ነው። የስቶሪቦርዱን ሥዕሎች በተራ ደርድራችሁ፣ የራሳችሁን ድምፅ ለጊዜው አስገብታችሁ፣ እያንዳንዱ ሾት ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ እስክታውቁ ድረስ ስለ ብር አታውሩ። የእኔ ታሪክ በወረቀት ላይ 4 ደቂቃ መስሎኝ ነበር፤ አኒማቲኩ ላይ ግን ከ5 ደቂቃ አለፈ። ትርፉን እዚያው ለመቁረጥ አንድ ምሽት በቃኝ። የቆረጥኩትን ያህል ስዬ ከጨረስኩ በኋላ ብቆርጥ ኖሮ የሁለት ወር ሥራ ይጣል ነበር።

አኒማቲኩ ሲያልቅ 46 ሾት ነበረኝ። የመጀመሪያው ስህተቴ እነዚህን ሁሉ በአንድ ሚዛን መመዘኔ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 24 ፍሬም አለ፤ እንደ ብዙዎቻችን አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ካቆያችሁት 12 ሥዕል ያስፈልጋችኋል። ነገር ግን ሰው ቆሞ ሲናገር አካሉ አንድ ጊዜ ተስሎ ይቆያል፤ የሚለወጡት አፍ፣ ዓይንና አልፎ አልፎ እጅ ናቸው። ሰው ሲራመድ ግን አሥራ ሁለቱም ሥዕሎች ከራስ እስከ እግር አዲስ ናቸው። ነጠላ የለበሰ ከሆነ ደግሞ የጨርቁ እጥፋት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ስለዚህ ሾቶቹን በሦስት ከፈልኳቸው። ሰው የሌለባቸው ወይም ሰው ሳይንቀሳቀስ የሚታይባቸው ቀላሎች 14 ሾት፣ በድምሩ 70 ሰከንድ ሆኑ። አንድ ሰው የሚናገርባቸው ወይም ጥቂት የሚንቀሳቀስባቸው መካከለኞች 22 ሾት፣ 110 ሰከንድ። ሰው የሚራመድባቸው፣ ሁለት ሰዎች የሚነካኩባቸውና ሕዝብ ያለባቸው ከባዶች ደግሞ 10 ሾት፣ 60 ሰከንድ። ከዚያ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሾት መርጬ ከረቂቅ እስከ ቀለም ጨረስኩ። ሰዓቱንም በየደረጃው በደብተር እየጻፍኩ ያዝኩ። እናንተም ይህን አትዝለሉ፤ የእኔን ቁጥር አትውሰዱ፣ የእጃችሁን ፍጥነት ራሳችሁ ለኩ። የእኔ ቀላሉ ለአንድ ሰከንድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መካከለኛው 5 ሰዓት፣ ከባዱ 12 ሰዓት ወሰደ።

ስናባዛው ቀላሎቹ 105፣ መካከለኞቹ 550፣ ከባዶቹ 720፣ በድምሩ 1,375 ሰዓት ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ከፊልሙ ሩብ የሆኑት ከባዶቹ ሾቶች ከሰዓቱ ከግማሽ በላይ ይበላሉ። በስድስት ሳምንት 15 ሰከንድ ብቻ የሠራሁትም ስለ ሰነፍኩ ሳይሆን የሕዝቡን ትዕይንት አስቀድሜ ስለጀመርኩ ነበር።

ይህ ቁጥር በእጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ለማን ልስጠው?» ሳይሆን «በዚህ መልክ መሣል አለበት ወይ?» የሚለውን ነው። ሰው ቀጥራችሁ ከምታተርፉት ይልቅ ሾቱን በመለወጥ የምታተርፉት ይበልጣል። እኔ በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ የቆመውን ሕዝብ ልስል 18 ሰከንድ መድቤ ነበር። አንድ ጠዋት ሄጄ ግንቡ ጥግ ቆሜ ሳይ፣ ውኃው ላይ የሚታየው የዛፎቹ ጥላ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፦ ሕዝቡን በውኃው ውስጥ አሳየዋለሁ። የካህናቱ ጃንጥላዎች ቀለም፣ ቀይ፣ ወርቃማና ሐምራዊ፣ በሚርገበገብ ውኃ ላይ ተሰብሮ ይታያል፤ እልልታውና ከበሮው በድምፅ ይመጣል። እነዚያ 18 ሰከንዶች ከከባድ ወደ ቀላል ወረዱ፤ 189 ሰዓት ዳነ። ከሠራሁት 15 ሰከንድ ውስጥ ዘጠኙ ተጣሉ፤ አልቆጨኝም፣ ትዕይንቱም ከፊተኛው በለጠ። የቀረው ሥራ 1,186 ሰዓት ሆነ።

አሁን ለሌላ ሰው ወደ መስጠቱ እንምጣ። ደብተሬ ውስጥ የከባዱን የ4 ሰከንድ ሾት 48 ሰዓት በደረጃ ከፍዬ ጽፌው ነበር፦ ቁልፍ የሆኑት ረቂቅ ሥዕሎች 14፣ በመካከላቸው ያሉት ረቂቆች 10፣ መስመሩን ማጥራት 14፣ ቀለም 6፣ ከጀርባው ሥዕል ጋር ማቀናበር 4 ሰዓት። ማጥራትና ቀለም አብረው 20 ሰዓት ናቸው። ለሌላ እጅ የሚሰጠው ይህ ነው። ምክንያቱም ምን እንደምትፈልጉ በአንድ ገጽ መጻፍ፣ አንድ ያለቀ ናሙናም ማሳየት ትችላላችሁ፤ ሥራው ተመልሶ ሲመጣም ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው አያከራክርም።

ያ አንድ ገጽ ግን በጥንቃቄ ይጻፍ። እኔ መጀመሪያ «ቆዳው ጠይም ቡናማ» ብዬ ጽፌ ሦስት ሾት በሦስት ዓይነት ቡናማ ተቀብቶ መጣልኝ። ከዚያ በኋላ ለአባትየው ቆዳ #7A4B2A ብዬ ኮዱን ጻፍኩ፤ የመስመሩን ውፍረት በቁጥር ወሰንኩ፣ መስመር የማይዘጋበትን ቦታም በናሙናው ላይ አከበብኩ። እርማቱ ወዲያው ቀነሰ።

ሥራውን የሰጠኋቸው ሁለት ልጆች ናቸው። ክፍያውን በሰዓት ሳይሆን ባለቀ ሰከንድ ተስማማን፦ ለመካከለኛው 300 ብር፣ ለከባዱ 700 ብር። 110 ሰከንድ መካከለኛና የቀረው 42 ሰከንድ ከባድ 62,400 ብር ሆነ። ብሩ እንደ ጊዜው ይለዋወጣል፤ የራሳችሁን ዋጋ ስታወጡ ከሰዓቱ ተነሡ። መካከለኛውን አንድ ሰከንድ ማጥራትና መቀባት ሁለት ሰዓት ያህል፣ ከባዱን አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ 430 ሰዓት ገደማ ከእኔ ላይ ወረደ። ሁሉም ግን ትርፍ አይደለም፤ ፋይል ማዘጋጀት፣ ማየት፣ ማስረዳት፣ መልሶ መላክ ከአምስት ሰዓት አንዱን ይመልስባችኋል። በእውነት የዳነው 344 ሰዓት ነው። ይህን ሳይቀንስ የሚያሰላ ሰው የማስረከቢያ ቀኑን ሁልጊዜ ይስታል።

መስጠት የሌለበትን ደግሞ በገንዘቤ ተምሬዋለሁ። አዝማሪው ማሲንቆ የሚመታበትን የ8 ሰከንድ ሾት እጅግ ስለከበደኝ በሌላ ከተማ ላለ ጎበዝ ሠዓሊ ከረቂቁ ጀምሮ በ12,000 ብር ሰጠሁት። እንቅስቃሴው ለስላሳ ነበር፣ መስመሩም ንጹሕ። ነገር ግን የግራ እጁ ጣቶች ክሩን ከእንጨቱ ጋር አጣብቀው እንደ ጊታር ይጫናሉ። ማሲንቆ ላይ ጣት ክሩን ከጎኑ ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ እንደ ደጋን የጎበጠው መምቻም ቀጥ ብሎ ነበር የተሳለው። ሁለት ጊዜ አረመው፣ ሁለቱም ጊዜ አልሆነም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። እኔ የላክሁለት አንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነበር፤ እንቅስቃሴውን የማውቀው ግን ልጅ ሆኜ በሠርግ ቤት ሳይ በዓይኔ ነው። ተስማምተናልና ከፈልኩት፣ ሾቱንም ራሴ እንደገና ሠራሁት። እንግዲህ ለማንኛውም ሾት ጠይቁ፦ ትክክለኛውን ከስህተቱ የሚለየው ነገር በወረቀት ይጻፋል ወይስ በእኔ ዓይን ውስጥ ብቻ ነው ያለው? ሁለተኛው ከሆነ ቁልፍ ሥዕሎቹ ከእጃችሁ አይውጡ።

በዚሁ ሚዛን የጀርባ ሥዕሎቹንም ራሴ ያዝኩ። 19 ነበሩ፣ እያንዳንዱ ስድስት ሰዓት ገደማ፤ በሰከንድ ስለማይቆጠሩ ብዙ ሰው ከግምቱ ይረሳቸዋል። ከላይ ባለው ቁጥር ላይ 114 ሰዓት ጨምሩ።

ድምፅ ላይ ሁለቱን ነገር ለዩ። የተዋንያኑን ድምፅ እዚሁ ቅረጹ፤ እኔ ግድግዳውን በብርድ ልብስና በጋቢ ሸፍኜ፣ ባጃጅ ከመንገድ ከጠፋ በኋላ ሌሊት ቀረጽኩ። የመጨረሻውን የድምፅ ቅንብር ግን ለስቱዲዮ ስጡ። ክፍሉና ድምፅ ማጉያው በእናንተ ቤት የሉም፤ ሥራውም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ነው። እኔ ለቅንብሩ 15,000፣ ሙዚቃውን ለተጫወተው አዝማሪ 9,000 ብር ከፍያለሁ። ምስሉ ሳያልቅ ግን አትላኩ። እኔ ከላክሁ በኋላ አንዱን ሾት በ18 ፍሬም አስረዘምኩና ከዚያ በኋላ ያለው ድምፅ ሁሉ ከቦታው ተንሸራተተ፤ ለማስተካከል ተጨማሪ ከፈልኩ። ከአዝማሪው ጋርም በፊልም ፌስቲቫል፣ በቴሌቪዥንና በኢንተርኔት እንደሚታይ የሚገልጽ የአንድ ገጽ ውል ተፈራርመናል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኙንም መብት ይጠብቃል፤ በቃል የተስማማችሁት ነገር ፊልሙን ስትልኩ አይጠቅማችሁም።

ፕሮግራሞቹ ላይ ብር አታውጡ። ክሪታ፣ ኦፕንቱንዝና ብሌንደር በነፃ የሚገኙ ናቸው፤ በዶላር የሚከፈል ወርኃዊ ኪራይ ግን ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲሰላ ከብዷል። ለሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክና መብራት ሲጠፋ ለሚያቆይ ባትሪ 10,000 ያህል ያዙ።

እንግዲህ በእናንተ 120,000 ላይ ሳስቀምጠው፦ ማጥራትና ቀለም 62,400፣ ቅንብር 15,000፣ ሙዚቃ 9,000፣ ዲስክና ባትሪ 10,000፣ በድምሩ 96,400። የቀረው 23,600 መጠባበቂያ ነው፤ አኒሜሽኑ ሳያልቅ አትንኩት፣ የእኔ የማሲንቆ ሾት የወጣው ከእንዲህ ያለው ገንዘብ ነው። በእናንተ ላይ የሚቀረው ሥራ ከጀርባ ሥዕሎቹ ጋር 956 ሰዓት ይሆናል፤ ለእርማት አንድ አምስተኛ ጨምራችሁ 1,150 በሉት። መብራቱም ዓይናችሁም ከሚፈቅደው በቀን አምስት ሰዓት አትበልጡ፤ ሁለታችሁም የምትስሉ ከሆነ 115 የሥራ ቀን ነው። አንዳችሁ ብቻ የምትስል ከሆነ ግን 230 ቀን ይሆናልና፣ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ያንን አረጋግጡ። ለሚያጠሩት ልጆችም ቅድሚያ ክፍያ ስትሰጡ ከአምስት ሾት በላይ አይሁን፤ አምስቱ ሲመጡ አይታችሁ ቀጣዩን አምስት ላኩ።