«ኖሮ» በገባበት በኩል «ዉድ» አይገባም

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ። ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬአለሁ፤ ጎረቤቶቼ ከብሎካችን ሥር ተሰባስበው ስለ «ኢፍ» ጠየቁኝ።

«ጋሼ፣ ‹ኢፍ ኢት ዊል ሬይን ቱሞሮው› ብዬ ጽፌ ተሰረዘብኝ። ነገ ወደፊት አይደለም እንዴ?» (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

ነው። ግን «ነገ ከዘነበ እቀራለሁ» ስትይ «ከዘነበ» ያልሽው ዝናቡ ትናንት ስለጣለ ነው? አይደለም። ቃሉ ያለፈ ይመስላል፣ የሚናገረው ግን ስለ ነገ ነው። ወደፊት መሆኑን «እቀራለሁ» ስለሚናገር «ከ» ያለበት ወገን አይደግመውም። እንግሊዝኛም እንዲሁ «ዊል»ን ለውጤቱ ብቻ ይሰጣል፤ በሁኔታው ላይ የአሁን ጊዜን ያኖራል፦ «ኢፍ ኢት ሬይንስ ቱሞሮው፣ አይ ዊል ስቴይ ሆም»። ከ«ሬይን» በኋላ ያለችውን «ስ» አትርሺ፤ «ዊል»ን ያወጡ ልጆች ብዙ ጊዜ እሷን መጨመር ይረሳሉ።

«‹ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ ሱቅ እከፍት ነበር› ለማለት ‹ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ መኒ› እላለሁ። ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?» (ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ)

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የብዙ ሰው ጣጣ ይህ ነው። አረፍተ ነገርሽን ገልብጠሽ «ገንዘብ ቢኖረኝ ነበር ሱቅ እከፍት ኖሮ» በይ እስቲ። ጆሮሽ ወዲያውኑ ይጥለዋል። «ኖሮ» ከ«ቢ» ጋር፣ «ነበር» ከውጤቱ ጋር ነው የሚቀመጠው። እንግሊዝኛው ሲሠራ «ዉድ» በ«ነበር» ቦታ ይቁም፤ «ኖሮ» ባለበት በኩል ያለፈ ጊዜ ብቻ ይግባ፦ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ኦፕን ኤ ሾፕ»።

ግን አማርኛ የማይለየውን እንግሊዝኛ ይለያል። ያንቺ ዓረፍተ ነገር ዛሬ ስላጣሽው ገንዘብም ስለ አምናው ገንዘብም ይሆናል። የትኛው ነው ብዬ ስጠይቃት «አምና፣ ቦታው ሳይያዝ» አለች። እንግዲያው ሁለቱም ወገን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ሃቭ ኦፕንድ ኤ ሾፕ»። «ሃድ» ሁለቴ መምጣቱ ስህተት አይደለም፤ አንዱ ረዳት፣ ሌላው የ«አለኝ» ግስ ነው።

«በፊልም ‹ኢፍ አይድ ኖውን› ሲሉ እሰማለሁ። ‹አይድ› ማለት ‹አይ ዉድ› አይደለም?» (የታክሲ ረዳት)

ጆሮህ «ድ»ን በትክክል ሰምቷል፣ አፈታቱ ግን እዚህ ሌላ ነው። «ኢፍ አይድ ኖውን፣ አይድ ሃቭ ካም» ውስጥ የመጀመሪያው «አይድ» «አይ ሃድ» ነው፤ ሁለተኛው «አይ ዉድ» ነው። የሚለያቸው ተከትሎ የሚመጣው ቃል ነው፦ «ኖውን» ወዲያው ከተከተለ «ሃድ»፣ «ሃቭ» ከተከተለ «ዉድ»። በአሜሪካ በንግግር «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ ኖውን» የሚሉ አሉ፤ በፈተናና በደብዳቤ ግን አትጻፈው።

«ልጄ፣ ሆቴል ስሠራ እንግዳውን ‹ዉድ ዩ ላይክ ቲ?› ነበር የምንለው። ጨዋ ቃል ለምን ትከለክላለህ?» (አንድ አዛውንት)

አባባ፣ እሱ ግብዣ እንጂ ሁኔታ አይደለም፤ አልከለክልም። እንዲያውም የእርስዎ ጨዋነት «ኢፍ» ውስጥም ይገባል፦ «ኢፍ ዩ ዉድ ሳይን ሂር፣ ፕሊዝ»፤ ፈቃድዎ ከሆነ እዚህ ይፈርሙ እንደማለት። «ዉድ» በ«ኢፍ» ወገን ሲመጣ የሚጠየቀው የሰው ፈቃድ ከሆነ ትክክል ነው። ዝናብ ፈቃድ ስለሌለው በእሱ ላይ አይሠራም።

«እኛ ግን ከ‹ኢፍ› በኋላ ‹ዊል› ፈጽሞ አይመጣም ተብለናል።» (ሌላ ተማሪ)

ለሁኔታ ሲሆን ልክ ነው ማለት ይቻላል። ግን «አይ ዶንት ኖው ኢፍ ሂ ዊል ካም» ምንም ስህተት የለበትም፤ ምክንያቱም ይህ «ኢፍ» «ይመጣ እንደሆነ አላውቅም» ነው እንጂ «ከመጣ» አይደለም። በቦታው «ዌዘር» ብታስገባ ትርጉሙ ካልፈረሰ «ዊል» ይፈቀዳል።

«‹ኢፍ አይ ዎዝ› ነው ‹ኢፍ አይ ወር›?» (ልብስ ሰፊዋ እንደገና)

«እኔ ብሆን ኖሮ» ለማለት ከሆነ በጽሑፍ «ወር»ን እመርጣለሁ። በንግግር «ዎዝ» የሚሉ ብዙ ናቸው። ተማሪው «መምህራችን ‹ዎዝ›ን ይሰርዛል» አለ፤ የታክሲ ረዳቱ «በፊልም ሁሌ ‹ዎዝ› ነው» ብሎ ተከራከረው። ሁለቱንም አልፈረድኩባቸውም፤ ለፈተና ግን «ወር» አያስቀንስም።