ማሽኑን እንደ ኪራይ አትመዝግቡት

ሥራ በጀመርኩ በሰባተኛው ወር አንድ ትልቅ የማሸጊያ ማሽን «ጥገና» በሚለው ሂሳብ ውስጥ አስገባሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሽኑን የሸጠልን ድርጅት በየወሩ የጥገና ሂሳብ የሚልክልን ራሱ ነበር፣ ደረሰኙም ከጥገናዎቹ ደረሰኞች ጋር አብሮ መጣ። እኔም የአቅራቢውን ስም አይቼ መዘገብኩት።

የወሩ ሪፖርት ሲወጣ ሁልጊዜ የሚያተርፈው ድርጅት ከባድ ኪሳራ አሳየ። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛ ስለመቀነስ ማውራት ጀመረ። ያኔ ዋና ሂሳብ ሹማችን ሌጀሩን ገልጠው ጣታቸውን ያቺ መስመር ላይ አሳረፉ።

«ልጄ፣ ይሄ የከፈልንበት ነገር አሁን የት ነው ያለው?»

«ፋብሪካው ውስጥ።»

«በሚቀጥለው ዓመትስ?»

«እዚያው።»

«ያለፈው ወር ኪራይስ የት አለ?»

ዝም አልኩ። ያለፈው ወር ኪራይ የትም የለም። ወሩን ቤቱ ውስጥ ሠርተንበታል፣ ወሩ አልፏል፣ የከፈልንበትም ነገር አብሮት አልቋል። ማሽኑ ግን ገና ሥራውን መጀመሩ ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ሂሳብ ሥራ ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ለምታስቡ ነው። የካፒታል ወጪና የሥራ ማስኬጃ ወጪ ልዩነትን ትምህርት ቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር ተምራችሁታል፦ ጥቅሙ ከዓመቱ የሚያልፍ ከሆነ ንብረት ነው፣ በዓመቱ የሚያልቅ ከሆነ ወጪ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው። ችግሩ ደረሰኝ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲመጣ እንዲህ ብሎ ራሱን አያስተዋውቅም።

እስቲ አንድ ማሽን ከመጀመሪያው እንከተል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፣ በፈለጋችሁት ገንዘብ ቁጠሯቸው።

ማሽኑ የተገዛው በ900,000 ነው። ማጓጓዣ 40,000 ተከፈለ። የሚቆምበት የሲሚንቶ መሠረትና ለእሱ ብቻ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር 35,000 ፈጀ። ቴክኒሻኑ ገጥሞ ለማስነሳት 20,000 ወሰደ። በትክክል መሥራቱን ለማየት ሲሞከር የባከነው ጥሬ ዕቃ 5,000 ነበር። ብዙ ጀማሪ 900,000ውን ንብረት ያደርግና ሌላውን ሁሉ ወደ ማጓጓዣ፣ ወደ ጥገና፣ ወደ መብራት እየበተነ ይመዘግበዋል። ስህተት ነው። የማሽኑ ዋጋ የሚባለው ማሽኑን ወደ ቦታው አምጥቶ ለታሰበለት ሥራ ዝግጁ ለማድረግ የግድ የወጣው በሙሉ ነው። መኪናው ላይ ተጭኖ የቀረ ማሽን ምንም አያሽግም። ስለዚህ አምስቱ ይደመራሉ፣ ማሽኑ መዝገብ ላይ የሚገባው በ1,000,000 ነው።

አሁን ደግሞ ሌሎች ሦስት ደረሰኞች አሉ፣ እነሱም ከማሽኑ ጋር በአንድ ሳምንት የመጡ ናቸው። ኦፕሬተሮቹን ለማሠልጠን 15,000። አዲሱን ምርት ለማስተዋወቅ 10,000። ማሽኑ ሲወርድ በግዴለሽነት ተመቶ የተሰበረውን መከለያ ለማሠራት 12,000። እነዚህ ማሽኑ ውስጥ አይገቡም። የሠለጠነው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ ነገ ሥራ ሊለቅ ይችላል፣ ድርጅቱ እንደ ንብረት አይቆጣጠረውም። ማስታወቂያው ማሽኑን ለሥራ አላዘጋጀም። መከለያው ደግሞ ባይሰበር ኖሮ የማይወጣ ወጪ ነው፤ ስህተታችን ማሽኑን የበለጠ ዋጋ ያለው አያደርገውም። ሦስቱም በዚያው ዓመት ወጪ ይሆናሉ። ዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ደረጃ፣ አይ.ኤ.ኤስ. 16፣ የማጓጓዣና የመግጠሚያ ወጪን ከሥልጠናና ከማስታወቂያ የሚለየው እንዲሁ ነው።

ማሽኑ 8 ዓመት ያገለግላል ብለን ገመትን፣ መጨረሻ ላይ በ200,000 ይሸጣል። የሚያልቀው 800,000 ነው ማለት ነው፣ ለ8 ሲካፈል በዓመት 100,000። ዲፕሪሲዬሽን የምንለው ይህ ነው፣ የእርጅና ቅናሽ። ብዙ ሰው የእርጅና ቅናሽ ማለት ማሽን መተኪያ ገንዘብ ማስቀመጥ ይመስለዋል። አይደለም፣ የትም የሚቀመጥ ገንዘብ የለም። ገንዘቡ የወጣው የተገዛ ዕለት ነው። አሁን የምናደርገው ያ ወጪ ከሚያስገኘው ገቢ ጋር ዓመት በዓመት ጎን ለጎን እንዲቆም ማድረግ ብቻ ነው። መቁጠር የሚጀመረውም ማሽኑ ለሥራ ዝግጁ ከሆነበት ቀን ነው፣ ገንዘቡ ከተከፈለበት ቀን አይደለም።

ድርጅቱ በዓመት 700,000 ሸጠ እንበል፣ ደመወዝ፣ ጥሬ ዕቃና 120,000 ኪራይ ተደምሮ 450,000 አወጣ። የቀረው 250,000 ነው። የማሽኑን 100,000 ስንቀንስ ትርፉ 150,000 ይሆናል። ማሽኑን በሙሉ የዘንድሮ ወጪ ብታደርጉት ግን ዘንድሮ 750,000 ኪሳራ ታያላችሁ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 250,000 ትርፍ። ሁለቱም ውሸት ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ያን ያህል አልከሰረም፣ ሁለተኛውም ማሽን በነጻ አልተጠቀመም። እኔ ያን ወር የሠራሁት ይህን ነበር። ሰዎች እንጀራቸውን ሊያጡ የነበረው እኔ ማሽኑን የተሳሳተ ቦታ ስላስገባሁት ነው፣ እስካሁን ሳስበው ደረቴን ይከብደኛል።

ተቃራኒው ስህተት ደግሞ ይብሳል። ያንን የ120,000 ኪራይ አንድ ሰው «ንብረት ነው» ብሎ ለ8 ዓመት ቢያካፍለው የዘንድሮ ወጪ 15,000 ብቻ ይሆናል፣ ትርፉም ከ150,000 ወደ 255,000 ይዘላል። ምንም አልተሸጠም፣ ምንም አልተቆጠበም። በመዝገቡ ላይ ደግሞ 105,000 የሚያወጣ «ንብረት» ተቀምጧል፣ ሄዳችሁ ብትፈልጉት ግን የሚነካ ነገር የለም።

ይህ የክፍል ውስጥ ምሳሌ አይደለም። ወርልድኮም የተባለው የአሜሪካ የቴሌኮም ኩባንያ ያደረገው ልክ ይህንን ነው። ኩባንያው የደንበኞቹን ጥሪ በሌሎች ኩባንያዎች መስመር ለማስተላለፍ ይከፍል ነበር። ይህ ክፍያ ከቤት ኪራይ አይለይም፦ መስመሩ የሰው ነው፣ ጥሪው ሲያልቅ የከፈሉበት ነገር አብሮ ያልቃል። ገቢው ሲቀንስና ትርፉ ሲያንስ የሂሳብ ኃላፊዎቹ ይህንን ወጪ እያነሱ ወደ ቋሚ ንብረት አዛወሩት። የውስጥ ኦዲት ኃላፊዋ ሲንቲያ ኩፐርና ባልደረቦቿ «ቅድሚያ የተከፈለ የመስመር አቅም» የሚል ስም የተሰጣቸው ግዙፍ ምዝገባዎች አገኙ፣ ማስረጃ ሲጠይቁ ግን ከጀርባቸው የሚያሳምን ሰነድ አልነበረም። በሰኔ 2002 እ.ኤ.አ. ኩባንያው 3.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ወጪ በዚህ መንገድ መደበቁን አመነ፣ በቀጣዩ ወርም የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በርናርድ ኤበርስ 25 ዓመት ተፈረደበት። ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ገንዘቡ በእርግጥ ተከፍሏል፣ የተከፈላቸውም ኩባንያዎች በእርግጥ ነበሩ። ሐሰቱ ያለው ወጪው የትኛው ዓምድ ላይ ተቀመጠ በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ወደ ማሽናችን እንመለስ፣ ምክንያቱም በጣም የሚያስቸግረው የግዢው ቀን ሳይሆን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አራት ዓመት ሠራ እንበል። ዘይት ተቀየረ፣ ቀበቶና ኩሽኔታ ተተካ፣ 18,000 ወጣ። ይህ ማሽኑን ድሮ በነበረበት ሁኔታ ያቆየዋል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርለትም። የዓመቱ ወጪ ነው።

በዚያው ዓመት ሞተሩ በ160,000 በአዲስ ተተካ። ይህስ? አዲሱ ሞተር ቀሪዎቹን አራት ዓመታት ያገለግላል፣ ስለዚህ ንብረት ነው፣ በዓመት 40,000 ይቀነስለታል። እስከዚህ ድረስ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የሚረሳው የአሮጌው ሞተር ነው። ከመጀመሪያው ሚሊዮን ውስጥ የሞተሩ ድርሻ 120,000 ከነበረና አራት ዓመት ከተቀነሰለት መዝገብ ላይ ገና 60,000 ቀርቶታል። ሞተሩ ግን ወጥቶ ተጥሏል። ያ 60,000 ካልተነሳ መዝገባችሁ ላይ ሁለት ሞተር ያለው ማሽን አለ ማለት ነው። አንሱት፣ የዓመቱ ኪሳራ ይሆናል። የአሮጌው ድርሻ ስንት እንደነበር የሚያሳይ ሰነድ ከጠፋ የአዲሱን ዋጋ መነሻ አድርጋችሁ መገመት ትችላላችሁ።

መጠን ብቻውን አያታልላችሁ። የዓመት ኪራይ አንድ ላይ ቀድሞ ቢከፈል ትልቅ ገንዘብ ነው፣ ግን ማሽን አይሆንም፤ ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ ይቀመጥና በየወሩ አንድ አስራ ሁለተኛው ወጪ እየሆነ ያልቃል። ስቴፕለር ደግሞ አሥር ዓመት ሊያገለግል ይችላል፣ ሆኖም ማንም አእምሮ ያለው ሰው ለስቴፕለር የእርጅና ቅናሽ አይሠራም። ድርጅቶች ለዚህ የገንዘብ ወለል ያበጃሉ፣ ከዚያ በታች ያለው በቀጥታ ወጪ ይሆናል። በነገራችን ላይ ኪራይም ሁልጊዜ እንደዚህ ቀላል አይደለም። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ኪራይ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ. 16፣ ከዓመት በላይ የሚቆዩ አብዛኞቹን የኪራይ ውሎች ተከራዩ የመጠቀም መብትና ዕዳ አድርጎ እንዲመዘግብ ያዛል። ያ ግን ለብቻው ረጅም ወሬ ነው፣ በውሉ ያገኛችሁትን መብት የሚመለከት እንጂ ያለፈ ወር ኪራይን ንብረት የሚያደርግ አይደለም።

ስህተት መኖሩን እንዴት ታውቃላችሁ? እኔ ወር ሲዘጋ ሁለት ሂሳቦችን ጎን ለጎን እከፍታለሁ። በጥገና ሂሳብ ውስጥ ከሌሎቹ ወራት በጣም የሚዘል ቁጥር ካለ ማሽን ተደብቆ ሊሆን ይችላል። በቋሚ ንብረት ጭማሪ ውስጥ ደግሞ ክብ ቁጥር፣ በወር መጨረሻ የገባ፣ የአቅራቢ ስም የሌለው ካየሁ እቆማለሁ። ከዚያ ዝርዝሩን ይዤ ወደ ፋብሪካው እወርዳለሁ። እያንዳንዱ መስመር መለያ ቁጥር የተለጠፈበት ዕቃ ሊያሳየኝ ይገባል።

እናንተም ከዛሬ ጀምሮ አንድ ነገር አድርጉልኝ። አጠራጣሪ ደረሰኝ ስታገኙ፣ ንብረት ብላችሁም ወጪ ብላችሁም፣ ምክንያቱን በእጃችሁ ደረሰኙ ጀርባ ላይ ጻፉ፦ «ለማሽን ቁጥር ይህ፣ ሞተር ተተካ፣ አሮጌው ተነሳ» በቂ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦዲተሩ ሲጠይቅ እናንተ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ ይሆናል፣ የሚመልስለት ያ ጽሑፍ ነው።