በኤአይ የጠራ ፎቶ የሰሌዳ ቁጥር ያስረዳል?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ወንድሜን መኪና ገጭቶት አመለጠ። የጎረቤት ሱቅ ካሜራ ቀርጾታል፤ ሰሌዳው ግን አይነበብም። ፎቶ ቤት ወስጄ በኤአይ ሲያጠሩልኝ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ለፍርድ ቤት ላቅርበው?

መልስ፦ ወንድምዎን እግዜር ይማርልዎ። ፎቶውን ግን የሰሌዳ ቁጥር ማስረጃ አድርገው አያቅርቡት።

ያ ቁጥር ከካሜራው የመጣ ላይሆን ይችላል። ሰሌዳው በቅጂው ላይ 18 ፒክስል ስፋት ብቻ ቢኖረው፣ ለአንዱ አኃዝ 3 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። በዚህ መጠን 3፣ 6 እና 8 ያው አንድ ጥቁር ነጠብጣብ ናቸው። ፕሮግራሙ በቁመትም በስፋትም 4 እጥፍ ሲያሳድገው ከየ16ቱ ፒክስል ቢያንስ 15ቱን ራሱ ይሞላል፤ የሚሞላውም ቀድሞ ከተማረባቸው ምስሎች ተነስቶ በግምት ነው። የማይነበበውን «አይነበብም» ብሎ አይተውም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከቪዲዮው ተከታታይ አራት ምስሎች ቆርጠው ለየብቻ ያስጠሩ። በአንዱ 38 ያለው በሌላው 86 ከሆነ ቁጥሩ ፈጠራ ነው። አራቱም ቢስማሙ እንኳ ያው ግምት ተደጋግሞ ሊሆን ስለሚችል አይመኑት። የተከሳሽ ጠበቃም ይህንኑ ፈተና ችሎት ላይ ቢያሠራ ሌላው ማስረጃዎ ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። በ2024 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት አንድ ዳኛ በኤአይ የጠራ ቪዲዮ በግድያ ክስ እንዳይቀርብ ከልክለዋል። እኛ ዘንድም የጠራውን እንደ ዋናው አድርጎ ማቅረብ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሐሰተኛ ዳታ በማዘጋጀት ሊያስጠይቅ ይችላል።

ብርሃን መጨመርና ቆርጦ ማጉላት ሌላ ነገር ነው፤ የተደረገውን በጽሑፍ አስፍረው ከዋናው ጋር ያያይዙታል።

አሁን ወደ ሱቁ ይሂዱ፣ ዛሬውኑ። መቅጃው ሲሞላ አሮጌውን ያጠፋል። ፋይሉን ከመቅጃው በቀጥታ በፍላሽ ያስገልብጡ፤ የስክሪን ቅጂ አይውሰዱ፣ በቴሌግራምም በቪዲዮነት አይላኩት፣ ጥራቱን ይቀንሰዋልና። ከዚያ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ፋይሉ ባለበት ፎልደር ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተው፣ በcamera1.mp4 ቦታ የፋይልዎን ስም አስገብተው ይህን ያሠሩ፦

```
certutil -hashfile camera1.mp4 SHA256
```

የሚወጣውን ረጅም መለያ በወረቀት ገልብጠው ባለሱቁን ያስፈርሙ። ፋይሉ በጥቂቱም ቢለወጥ መለያው ስለሚለወጥ፣ በኋላ ፋይሉ ተነካ ቢባል ይኸው ይመሰክራል።

የጠራውን ፎቶ ለትራፊክ ፖሊስ «ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም» ብለው ይስጡ። ከዋናው ቪዲዮ ላይ የሚታየው የሰሌዳ ቀለም (ሰማያዊ ኮድ 2፣ አረንጓዴ ኮድ 3)፣ የመኪናው ዓይነትና የሄደበት አቅጣጫ ይበልጥ ይጠቅማል። መኪናው በዚህ ከተገኘና ጉዳቱ ከግጭቱ ቦታ ጋር ከገጠመ፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 ባለቤቱን ካሣ ይጠይቃሉ፤ ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

የመቅጃውን ሰዓት ከስልክዎ ጋር አስተያይተው ልዩነቱን ይጻፉ። 18:30 የሚለውንም በክሱ ላይ «ከምሽቱ 12፡30» ብለው ይግለጹ፤ ምስክርዎ የሚናገረው በዚህ ነው።